ዘጠኝ ዳኛ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ

የስፖርት መምህር ሆኜ ባዘጋጀሁት የመጀመሪያ የትምህርት ቤት አትሌቲክስ ውድድር የሴቶች 100 ሜትር ፍጻሜ ሳይሮጥ ቀረ። ሰዓቱ 12፡20 ነበር። ስድስቱ ልጆች መነሻው ላይ ቆመዋል፤ የተሰመረው ኖራ ግን ለዓይን ጠፍቷል። ርዕሰ መምህሩ ከኋላዬ መጥተው «በቃ መምህር፣ ልጆቹን ይልቀቋቸው፤ ወላጆች በር ላይ ቆመዋል» አሉኝ። ማጣሪያውን በአንደኝነት ያለፈች የ10ኛ ክፍል ልጅ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች «ቲቸር፣ ነገ እንሮጣለን?» ስትል ጠየቀችኝ። ነገ ቅዳሜ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፕሮግራም ብዬ የበተንኩትን ወረቀት ዘርግቼ አየሁት። በግራ በኩል የውድድሮቹ ስም፣ በቀኝ በኩል ሰዓት ተጽፏል። ማን እንደሚያስነሳ፣ ማን መድረሻው ላይ እንደሚቆም፣ ርዝመት ዝላዩን ማን እንደሚለካ አንድም ቃል የለም። መምህራኑን «እባካችሁ አግዙኝ» ብዬ ነበር፤ እነሱም ከልባቸው ሲያግዙኝ ዋሉ። አሎሎ የሚለካው ሰው ለመቶ ሜትር ሲፈለግ አሎሎው ይቆማል፤ እሱ ሲመለስ ደግሞ መድረሻው ባዶ ይሆናል። ቀኑን የበላው ይህ መመላለስ ነበር። ሜዳው ግማሹን ጊዜ ባዶውን ነው የዋለው።

ለሚቀጥለው ዓመት ስዘጋጅ ከሰዎቹ ጀመርኩ። እኔን ጨምሮ ለዳኝነት የሚወጡ መምህራን ዘጠኝ ነን። ሰዓታችን ከ7፡30 እስከ 10፡30፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በድምሩ 16 ሴክሽን አለው። ሜዳው 110 ሜትር ገደማ የሚረዝም የሣር ሜዳ ሲሆን በአንድ ጎኑ ስድስት መስመር ይሰመርበታል፤ ዙሪያውን ደግሞ 250 ሜትር የሚሆን መሮጫ አለው። የርዝመት ዝላይ ጉድጓዱ አንድ ነው።

ሜዳውን በሜትር ስንለካ መጀመሪያ የወደቀው ራሱ 100 ሜትሩ ነው። ከመነሻው ጀርባ ልጁ የሚቆምበት ሦስት ሜትር ያስፈልጋል። 100 ሜትር ከሰመርን በኋላ ከመድረሻው እስከ ድንጋይ አጥሩ የሚተርፈው ሰባት ሜትር ብቻ ነው። በትክክለኛ መም ላይ ከመድረሻው ወዲያ ቢያንስ 17 ሜትር ክፍት ቦታ ይጠበቃል፤ በሙሉ ፍጥነት የመጣ ልጅ ከዚያ ባነሰ ርቀት አይቆምምና። ስለዚህ ሩጫውን 80 ሜትር አደረግነው። አንዳንድ ተማሪዎች ቅር አላቸው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ሳስብ፣ ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው አጥሩን እየተደገፉ ሲቆሙ አይቼ ዝም ማለቴ ዛሬም ያስደነግጠኛል።

ቀጥሎ የመጣው የተወዳዳሪ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከየክፍሉ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ለአጭር ሩጫ እንዲመዘገቡ ፈቅጄ ነበር። ነገሩ ቸርነት መስሎኝ ነበር፤ ሂሳቡ ግን ይህን ይመስላል። 32 ወንዶችን በስድስት መስመር ለማስሮጥ ስድስት ምድብ ያስፈልጋል። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ሲያልፉ 12 ይሆናሉ፤ 12 ልጅ በአንድ ፍጻሜ ስለማይሮጥ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ ይጨመራል፣ ከዚያ ፍጻሜው። ዘጠኝ ሩጫ ሆነ። ከሴቶቹ ጋር 18። ከየክፍሉ አንድ አንድ ብቻ ቢመጡ ግን 16 ልጆች በሦስት ምድብ ይገባሉ፣ ከየምድቡ ሁለት ሁለት ሲያልፉ ስድስቱ መስመር ልክ ይሞላል፤ በአራት ሩጫ ይጠናቀቃል። ከሴቶቹ ጋር ስምንት። ተመዝጋቢውን በግማሽ ስንቀንስ ሩጫው ከግማሽ በታች የወረደው ግማሽ ፍጻሜው ሙሉ በሙሉ ስለጠፋ ነው።

እያንዳንዱ ሩጫ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሩጫው ራሱ 15 ሰከንድ አይሞላም። ጊዜው የሚሄደው ልጆቹ መስመራቸውን እስኪይዙ፣ ዳኞቹ ተስማምተው እስኪጽፉ፣ መሮጫው ከተመልካች እስኪጠራ ነው። የተደራጀ ቡድን ካለ አራት ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት ከአንዱ ሩጫ እስከ ሌላው ሰባት ደቂቃ ያህል ነበር የሚፈጅብን፤ 18ቱን በሰባት አባዙት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። አሁን ስምንት ሩጫ በአራት ደቂቃ፣ 32 ደቂቃ ሆነ። ያቺ ሳትሮጥ የቀረች ልጅ ፍጻሜዋ የጠፋው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነበር።

ከየክፍሉ አንድ ልጅ ማለት ሌላው ዕድል አያገኝም ማለት አይደለም። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በስፖርት ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ልጅ አጣርቶ መረጠ። ሁሉም ሮጠ፣ ሁሉም ዘለለ፤ እኔም የሁሉንም ሰዓት በአንዲት ደብተር ያዝኩ። ያች ደብተር ምድብ ስንደለድል ጠቀመችን። ከፈጣኑ ጀምሮ 16ቱን በቅደም ተከተል አስቀመጥን፤ አንደኛው ወደ ምድብ ሀ፣ ሁለተኛው ወደ ለ፣ ሦስተኛው ወደ ሐ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይዞራል፤ አራተኛው እዚያው ሐ፣ አምስተኛው ለ፣ ስድስተኛው ሀ፣ ሰባተኛው ደግሞ እንደገና ሀ። እንዲህ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ፈጣኖቹ በአንድ ምድብ ታጭቀው እርስ በርስ አይጣጣሉም። በዕጣ ብቻ ስንደለድል ግን አንዱ ምድብ ከፍጻሜው የከበደ፣ ሌላው እንደ ልምምድ የቀለለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዕጣውን ለመስመር ብቻ ተውነው።

በትልልቅ ውድድሮች ከየምድቡ ከሚያልፉት ሌላ በሰዓት ፈጣን የሆኑ ጥቂቶች ይጨመራሉ። እኛ ይህን ሆን ብለን ተውነው። በእጅ ሰዓት ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ውጤት ይይዛል፤ ነፋሱም ከምድብ ምድብ ይለዋወጣል። በአሥረኛ ሰከንድ ልዩነት አንዱን ልጅ አሳልፎ ሌላውን ማስቀረት በእኛ መሣሪያ ፍትሕ አይሆንም። አንደኛና ሁለተኛ የወጣ ያልፋል፤ ልጁ ራሱ መድረሻው ላይ ውጤቱን ያውቃል፣ ክርክር የለም።

የሜዳ ተግባራት ላይ ሂሳቡ ይበልጥ ይከብዳል። ሩጫ ስድስቱን ልጅ በአንዴ ይጨርሳል፤ በርዝመት ዝላይ ግን አንድ ጉድጓድ አንድ ልጅ ነው የሚያስተናግደው። ተንደርድሮ መዝለል፣ መለካት፣ መጻፍ፣ አሸዋውን ማስተካከል፣ ሁሉም ተደምሮ ለአንድ ሙከራ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። 16 ልጆች ሦስት ሦስት ጊዜ ቢዘሉ 48 ደቂቃ ነው፤ በትልቁ ውድድር ሕግ ለምርጥ ስምንቱ ተጨማሪ ሦስት ሙከራ ከተሰጠ 72 ይሆናል። ለወንድ ብቻ! ስለዚህ ከ16ቱ ክፍሎች ምርጥ ስምንቱ በደብተሬ መሠረት እንዲመጡና ሦስት ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲዘሉ ወሰንን። 24 ሙከራ፣ ከዝግጅቱ ጋር 30 ደቂቃ። አሎሎውም እንዲሁ። ከፍታ ዝላይን አስቀረነው። ማንም አልጠላውም፤ ግን መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ሁለት እኩል ልጆች ከገጠሙ ዘንጉ እየወጣ፣ ሦስት ሦስት ሙከራ እየተሰጠ ቀኑን ይዞ ይሄዳል። ሰፊ ሰዓትና ተጨማሪ ሁለት ዳኛ ያለው ትምህርት ቤት ከሁሉም ቀድሞ ቢጀምረው ይችለዋል፤ እኛ አልቻልንም።

እንግዲህ ዘጠኙ ሰዎች እንዲህ ተደለደሉ። አንድ አስነሺ። ሦስት የመድረሻ ዳኞች። አንድ ጠሪ። ሦስቱ የሜዳ ተግባራት ቡድን ሆኑ፤ ርዝመት ዝላዩን ሲጨርሱ አንድ ላይ ሆነው ወደ አሎሎው ይሄዳሉ እንጂ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይካሄዱም። ዘጠነኛው እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ውጤት እሰበስባለሁ፣ ሰዓት አያለሁ። አዘጋጁ ፊሽካ ይዞ ከሮጠ የሰዓቱን መዝረክረክ የሚያይ ሰው አይኖርም።

የ12ኛ ክፍል ልጆች ብዙ ያግዛሉ፤ አሸዋ ያስተካክላሉ፣ ወረቀት ያመላልሳሉ፣ ሜትሩን በአንዱ ጫፍ ይይዛሉ። በአሎሎ መውደቂያ በኩል ግን ሁልጊዜ መምህር ነው የሚቆመው። ብረቱ የሚመለሰውም በእጅ ተይዞ ነው፤ ወደ ክቡ መልሶ መወርወር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

አሁን የቀረው ትልቁ እንቆቅልሽ ነው። በትምህርት ቤት ፈጣኑ ሯጭ ብዙ ጊዜ ጥሩ ዘላይም ነው። ማጣሪያውና ርዝመት ዝላዩ በአንድ ሰዓት ከዋሉ ልጁ ከጉድጓዱ ወደ መነሻው ሲሮጥ ወይ ሙከራው ያልፈዋል፣ ወይ ምድቡ ሲጠብቀው ይቆማል። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁለቱም ይዘገያሉ። ስንት ማታ ወረቀት እየቀደድኩ ስሞችን ሳገጣጥም ቆየሁ! መፍትሔው ሲገኝ ግን ቀላል ነበር፤ ወንዶች ሲሮጡ ሴቶች ይዝለሉ፣ ሴቶች ሲሮጡ ወንዶች ይዝለሉ። አንድም ስም ሳይታይ ግጭቱ ከሥሩ ይጠፋል።

በዚህ መሠረት ቀኑ ተሰፋ። 7፡30 ላይ የወንዶች 80 ሜትር ማጣሪያ ሦስት ምድብ ይሮጣል፣ በዚያው ሰዓት ሴቶች ርዝመት ዝላይ ይጀምራሉ። 7፡45 ላይ ወንዶች 1,500 ሜትር ይሮጣሉ። 8፡00 ሲሆን ይገለበጣል፤ ሴቶች ወደ 80 ሜትር ማጣሪያና ወደ 1,500 ሜትር፣ ወንዶች ወደ ጉድጓዱ። ከ8፡30 እስከ 8፡45 ምንም የለም። 8፡45 ላይ ሴቶች አሎሎ ሲወረውሩ ወንዶች የ80 ሜትር ፍጻሜና 800 ሜትር ይሮጣሉ፤ 9፡15 ላይ ደግሞ ተገላቢጦሹ። ከ9፡45 እስከ 10፡00 እንደገና ባዶ ነው። 10፡00 ላይ ሁሉም ነገር ቆሞ ዘጠኛችንም ወደ ዱላ ቅብብል እንወጣለን፤ አራት ቡድን፣ ከየክፍል ደረጃው አንድ። 10፡20 ላይ ሽልማት።

በማጣሪያውና በፍጻሜው መካከል ወንዶቹም ሴቶቹም ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳላቸው ልብ በሉ። የዓለም አትሌቲክስ ሕግ እስከ 200 ሜትር ባሉ ሩጫዎች ከአንዱ ዙር እስከ ቀጣዩ ቢያንስ 45 ደቂቃ እረፍት እንዲሰጥ ይላል። ከ1,000 ሜትር በላይ የሆኑ ሩጫዎችን ሁለት ዙር በአንድ ቀን አያካሂዱም። ለዚህም ነው 800ውና 1,500ው ያለ መስመር፣ ያለ ማጣሪያ፣ 16ቱም በአንዴ ተነስተው በቀጥታ ፍጻሜ የሚሮጧቸው።

ሁለቱ ባዶ 15 ደቂቃዎች ብዙ ጥያቄ አስነስተዋል። ርዕሰ መምህሩ «እዚህ ላይ የመምህራን ገመድ ጉተታ እናስገባ» አሉ። እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኳቸው። ያ ጊዜ ለመዘግየት የተቀመጠ ነው። በውድድሩ ቀን 8፡30 ላይ 11 ደቂቃ ዘግይተን ነበር፤ ባዶው ሰዓት ዋጠውና 8፡45 ላይ በልኩ ቀጠልን።

ያን 11 ደቂቃ ያመጣው የዙር ቆጠራ ነው። 1,500 ሜትር በ250 ሜትር መሮጫ ስድስት ዙር ነው። አራተኛው ዙር ላይ መሪዎቹ የኋለኞቹን ደርሰው ማለፍ ሲጀምሩ ማን ስንተኛ ዙር ላይ እንደሆነ ዳኞቹ ጠፋባቸው። አንድ ዙር የቀረው ልጅ ከአሸናፊው ጋር አብሮ ቆመ፤ ጓደኞቹ «ሦስተኛ ነው» ብለው አነሱት። ከጭቅጭቁ በኋላ ለሴቶቹ መላ ዘየድን። የመድረሻ ዳኞቹ 16ቱን ሯጮች ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ከጎናቸው አቁመው የራሳቸውን አምስት ወይም ስድስት ልጆች ብቻ፣ በደረታቸው ቁጥር፣ በየዙሩ ጭረት እያደረጉ መዘገቡ። አንድም ክርክር አልመጣም።

በአጭር ሩጫም የመድረሻ ዳኞች ሥራ የተከፋፈለ ነው። አንዱ አንደኛውን ብቻ ያያል፣ ሌላው ሁለተኛውን፣ ሌላው ሦስተኛውን። ሁሉም ሁሉንም ለማየት ከሞከሩ ሦስቱም አንደኛውን ብቻ አይተው ይመለሳሉ። የሚታየው ደረት ነው፤ ጭንቅላትም ሆነ የተዘረጋ እጅ መስመሩን ቢቀድም አይቆጠርም። ያዩትን ሳይነጋገሩ በየወረቀታቸው ይጽፋሉ፣ ከዚያ ያነጻጽራሉ። አንድ መምህር በስልካቸው ሊቀርጹ ፈልገው ነበር፤ ጥሩ ነው አልኳቸው፣ ግን ልክ በመድረሻው መስመር ትይዩ ካልቆሙ ያልቀደመው ልጅ የቀደመ ሊመስል ይችላልና ቪዲዮው ራሱ ያሳስታል።

ከዘጠኙ ሁሉ እጅግ የሚናቀው ጠሪው ነው። «ስም ለመጥራት መምህር ምን ያደርጋል፣ ተማሪ ይበቃል» ይባላል። ሙኒክ 1972ን የሚያስታውስ እንዲህ አይልም። በዚያ ኦሊምፒክ ኤዲ ሃርትና ሬይ ሮቢንሰን የተባሉ የአሜሪካ 100 ሜትር ሯጮች አሰልጣኛቸው በያዘው አሮጌ የጊዜ ሰሌዳ ምክንያት ሳይሮጡ ከውድድሩ ወጡ። የእኛው ምሩጽ ይፍጠርም በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ በ5,000 ሜትሩ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። በሁለቱም ርቀት ወርቅ ለማግኘት እስከ 1980 ሞስኮ ድረስ ስምንት ዓመት ጠበቀ። በዓለም ትልቁ መድረክ ላይ ይህ ከደረሰ፣ ሻይ ቤት በር ላይ ሳምቡሳ የሚበላ የ9ኛ ክፍል ልጅ ምድቡን ቢረሳ ምን ይገርማል?

የእኛ ጠሪ ከመነሻው ጀርባ ሦስት አግዳሚ ወንበር ደረደረች። ምድብ ሀ መስመር ላይ ሲቆም ምድብ ለ ፊተኛው ወንበር ላይ በመስመር ቅደም ተከተል ተቀምጧል፣ ምድብ ሐ ከኋላው። አንዱ ተኩሶ ሲሄድ ሌላው ተነስቶ ይገባል። ከሰባት ደቂቃ ወደ አራት ያወረደን ይህ ወንበር ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመጣ ልጅ መስመሩ ባዶ ሆኖ ይሮጣል፤ ይህን ለክፍል አለቆቹ ሁሉ ከሳምንት በፊት ነግረናል።

ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ መዘግየት ከየት እንደሚመጣ የማውቀው አስነሺውን አይቼ ነው። አስነሺው ብቻውን ቆሞ ልጅ ከሌለ ችግሩ ጥሪው ላይ ነው። ልጆቹ መስመራቸው ላይ ቆመው እሱ እጁን ካላነሳ ደግሞ መድረሻው ገና ጽፎ አልጨረሰም ማለት ነው፤ ወደዚያ ሰው እልካለሁ። ሁለቱም ባዶውን 15 ደቂቃ ካለፉ ምን እንደሚቆረጥ ቀደም ብለን ጽፈን ነበር፤ መጀመሪያ የአሎሎ ሦስተኛ ሙከራ፣ ቀጥሎ 800 ሜትሩ። ሙከራ የሚቀነሰው ሦስተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም እኩል ተነግሮ ነው፤ ግማሾቹ ከወረወሩ በኋላ ማቋረጥ አይቻልም። ፍጻሜ አይነካም።

በዚያ ቀን ምንም አልቆረጥንም። የሴቶች 80 ሜትር ፍጻሜ 9፡20 ላይ፣ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ሳለ ተሮጠ። ያቺ ልጅ አሁን 11ኛ ክፍል ነበረች፤ ሁለተኛ ወጣች።

አንድ ነገር አልጣመኝም። በአንድ ምድብ የ14 ዓመት የ9ኛ ክፍል ልጅ ከ18 ዓመት የ12ኛ ክፍል ወጣት ጎን ቆሞ ነበር። ለይተን እንዳናስሮጥ ምድቡ ይበዛል ብዬ ፈርቼ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጥበቃው ጋር ገመድ ይዘን የሜዳውን ጎን እንደገና ለካነው። የአንድ መስመር ስፋት 1.22 ሜትር ነው፤ ስምንት መስመር 9.76 ሜትር ይፈልጋል። ከጎኑ ያለውን የውኃ መውረጃ ቦይ በአፈር ከደፈንነው አሥር ሜትር ይገኛል። 9ኛና 10ኛ አንድ ላይ ስምንት ሴክሽን ናቸው፣ 11ኛና 12ኛም ስምንት። ስምንት ልጅ በስምንት መስመር ማጣሪያ አያሻውም፤ ሁለቱ የዕድሜ ምድቦች፣ ወንድና ሴት፣ በአራት ፍጻሜ ብቻ ያልቃሉ። በእርግጥ ልጁ በዓሉን ሙሉ ጠብቆ 12 ሰከንድ ሮጦ ሊያበቃ ነው፤ የማጣሪያው ደስታም ይቀራል። የተረፈውን 16 ደቂቃ ለርዝመት ዝላይ አራተኛ ሙከራ እንስጠው ወይስ ለዱላ ቅብብሉ ሁለተኛ ዙር እንጨምርበት፣ ገና አልወሰንኩም። ቦዩን ግን ጋሼ ነገ ጠዋት መድፈን እንደሚጀምሩ ነግረውኛል።